ዋጋው ሲንር ማን ይክፈል? ቁርጥ ዋጋ እና «ወጪ ሲደመር መቶኛ» የግንባታ ውል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠበቃ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አቃቂ ቃሊቲ በስሜ ባለ ቦታ ላይ ጂ+1 ቤት ላሠራ ሁለት ተቋራጮች አነጋግሬ ነበር። አንዱ «በ16,500,000 ብር ቁርጥ ሠርቼ ቁልፍ አስረክባለሁ፤ 40 ከመቶ ቅድሚያ ክፈይኝ» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ «የሚወጣውን ወጪ በደረሰኝ ትከፍያለሽ፣ ለእኔ 12 ከመቶ ታስቢልኛለሽ፤ ግምቴ 13,500,000 ነው» ይላል። ቦታው ላይ የሚከታተልልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ መሐንዲስ ግን አይደለም። ሁለተኛው ይረክሳል ብዬ ልፈርም ስል ጓደኛዬ ከለከለችኝ። የቱ ይሻለኛል? ሲሚንቶና ብረት ቢወደድ ኪሳራው የማን ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሁለቱም ውሎች አሁን በቀረቡበት መልክ የሚፈረሙ አይደሉም። የሁለተኛውን ይተዉት። ከመጀመሪያው ጋር ግን ሦስት ነገር አስተካክላችሁ መዋዋል ይቻላል፦ የመሠረቱ ሥራ በልኬት እንዲከፈል፣ የብረትና የሲሚንቶ የገበያ ዋጋ ለውጥ በቀመር እንዲታሰብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም እንዲቀንስና ዋስትና እንዲቀርብለት። ምክንያቴን ከሒሳቡ ልጀምር።

ሁለተኛው ተቋራጭ 13,500,000 ሲል በዚያ ዋጋ ለመሥራት ቃል አልገባም፤ ግምቱን ነው የነገረዎት። 12 ከመቶው፣ ማለትም 1,620,000 ብር፣ ሲታከልበት 15,120,000 ይሆናል። ከቁርጡ ዋጋ ጋር ያለው ልዩነት 1,380,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ተቋራጭ ይህን ያህል አስበልጦ የጠየቀው «ዋጋ ቢንር እኔ እሸከማለሁ» ስላለ ነው። ስለዚህ ራስዎን መጠየቅ ያለብዎት ወጪው ከግምቱ ምን ያህል ቢያልፍ ይህ ልዩነት ያልቃል ብለው ነው። 16,500,000ን ለ1.12 ቢያካፍሉ 14,732,000 ገደማ ያገኛሉ። ወጪው ከግምቱ ከ9 ከመቶ ጥቂት ብቻ በላቀ መጠን ካለፈ ሁለቱ ውሎች እኩል ሆኑ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ከኪስዎ ይወጣል። በአዲስ አበባ ከአንድ ዓመት በላይ የሚፈጅ ግንባታ ከመጀመሪያ ግምቱ 9 ከመቶ ብቻ አልፎ ሲያልቅ እኔ እምብዛም አላየሁም።

ከዚህ የሚብሰው ግን መቶኛው ራሱ ነው። ወጪው በ30 ከመቶ ቢያልፍ 17,550,000 ይሆናል። የተቋራጩ 12 ከመቶም አብሮ አድጎ 2,106,000 ይደርሳል፤ እርስዎ በጠቅላላው 19,656,000 ይከፍላሉ ማለት ነው። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ የሠራውም ሥራ ያው ነው፤ እሱ ግን ወጪው ስለበዛ ብቻ 486,000 ብር ተጨማሪ አገኘ። ተቋራጩ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። ጨዋ ሰው ቢሆን እንኳ ርካሽ ሲሚንቶ ፍለጋ ግማሽ ቀን የሚዞርበት ምክንያት የለውም፤ ዞሮ ባገኘ ቁጥር የራሱ ድርሻ ይቀንስበታላ። እርስዎ በሚኖሩበት አገር የፌዴራል መንግሥት የግዢ ሕግ ወጪ የሚተካ ውልን ቢፈቅድም፣ ክፍያው በወጪው መቶኛ የሚታሰብበትን ዓይነት በግልጽ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሒሳብ መርማሪና መሐንዲስ በደመወዝ የቀጠረ መንግሥት ያልደፈረውን ውል፣ ወንድምዎን ብቻ ይዘው እንዲደፍሩት አልመክርም።

ወንድምዎ ቢከታተል ምን ሊያይ ይችላል? ደረሰኝ። ደረሰኝ የሚነግረው ዕቃው መገዛቱን ነው፤ እርስዎ ቤት ውስጥ መግባቱን አይነግርም። አንድ ምሳሌ ላሳይዎት። የአንደኛው ፎቅ ሶሌታ 150 ካሬ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። 150 በ0.15 ሲባዛ 22.5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። በእኛ አገር የሥራ ዝርዝሮች ለሲ-25 ኮንክሪት የተለመደው ልክ በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ፣ ማለትም 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ሶሌታው 81 ኩንታል ይበላል፤ ብክነት ቢታሰብ 85። ለዚያ ቀን ሙሌት የ110 ኩንታል ደረሰኝ ከመጣ 25 ኩንታሉ የት እንደገባ መጠየቅ አለበት። ወንድምዎ ይህን ስሌት ካልሠራ ደረሰኙን አይቶ «ማኅተም አለው፣ ትክክል ነው» ብሎ ይልክልዎታል፤ እርስዎም ገንዘቡን ያስተላልፋሉ። ከስድስት ወር በኋላ ሒሳብ ሲገላበጥ ሶሌታው ተሞልቶ፣ ጣሪያው ተከድኖ፣ ማንም ምንም ሊለካ በማይችልበት ጊዜ ይሆናል። ወጪ የሚተካ ውል ለአሠሪው የሚያመጣው ትልቁ ሸክም ይህ ነው። ከዋጋ ንረቱ በላይ የሚጎዳዎት በየሙሌቱ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ማጣትዎ ነው።

ውሉ «ወጪ» የሚለው ቃል ምን እንደሚያጠቃልል ካልተናገረ ደግሞ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። የተቋራጩ የራሱ ሚክሰር ኪራይ ወጪ ነው? የፎርማኑ ደመወዝስ? ተበላሽቶ ፈርሶ እንደገና የተሠራ ግንብ? ሌሊት የተሰረቀ ፌሮ? ሻጩ ለተቋራጩ የቀነሰለት ዋጋስ ወደ ማን ይገባል? ቫትም አለ። የ100,000 ብር ዕቃ ከ15 ከመቶ ቫት ጋር 115,000 ብር ይሆናል። 12 ከመቶው ከ115,000 ላይ ከታሰበ ተቋራጩ በመንግሥት ታክስ ላይ ትርፍ አገኘ ማለት ነው፤ በየመቶ ሺው 1,800 ብር። ዕቃው 8,000,000 ብር ቢሆን 144,000 ብር ነው። በእጄ ባለፉ የዚህ ዓይነት ውሎች ይህን ነጥብ አስቀድሞ የጻፈ አሠሪ አላጋጠመኝም። (ቁርጥ ያለዎት 16,500,000ም ቫትን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ያስመልሱት።)

አሁን ወደ ቁርጡ ዋጋ ልምጣ። ሕጉ እዚህ ላይ ለእርስዎ ያደላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1764 እንደሚለው፣ የውሉ አፈጻጸም አንደኛው ወገን ካሰበው በላይ ቢከብደውም ውሉ እንደጸና ይቆያል፤ ለውጡን ማስተካከል የሚቻለው በውሉ ውስጥ በተጻፈ ቃል ወይም በአዲስ ስምምነት ነው። ቁጥር 1793 ደግሞ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመሩ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም ይላል። የሠራተኛ አድማና ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። ስለዚህ «ሲሚንቶና ብረት ቢወደድ ኪሳራው የማን ነው?» ላሉት፣ በቁርጥ ዋጋ ውል ሕጋዊው መልስ «የተቋራጩ» ነው።

ይህ ግን የወረቀቱ መልስ ነው። ዱባይ የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ በ2015 ዓ.ም. ልክ እንደ እርስዎ በቁርጥ ዋጋ ተዋውሎ 40 ከመቶ ቅድሚያ ከፈለ። ሥራው የምድር ቤቱ ኮለን ላይ እንደደረሰ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ፌሮና የቧንቧ ዕቃም ተከትለው ወጡ። ተቋራጩ 35 ከመቶ ጭማሪ ጠየቀ፣ ደንበኛዬ «ቁርጥ ነው» አለ። አንድ ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ደውሎ ሚክሰሩም የፎርሙ እንጨትም ቅዳሜ ማታ ተጭኖ መሄዱን ነገረን። ማስጠንቀቂያ ሰጠን፣ ክስ መሠረትን፣ በሕጉ ነጥብ ላይ ፍርድ ቤቱ ተቀበለን። ከአንድ ዓመት በላይ የፈጀብን ሌላ ነገር ነው፦ የተሠራው ሥራ ስንት ያወጣል? ውሉ ላይ የነበረው አንድ ጠቅላላ ድምር ብቻ ነበር፤ ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ ለአንድ ኪሎ ፌሮ የተጻፈ ዋጋ አልነበረም። የእኛ ባለሙያ አንድ ቁጥር አመጣ፣ የእነሱ ባለሙያ ያንን እጥፍ አድርጎ አመጣ። ፍርዱ ወጥቶ ወደ አፈጻጸም ስንሄድ በተቋራጩ ስም የተገኘው ንብረት ባንክ የያዘው አንድ መኪና ነበር። ደንበኛዬ አሁንም ያንን ፍርድ በእጁ ይዟል፤ ኮለኖቹ ላይ የቆመው ብረትም ዝጓል።

ስለዚህ በቁርጥ ዋጋ ውል የንረቱ አደጋ የሚጠፋ አይምሰልዎት። ተቋራጩ መሸከም እስከቻለ ድረስ እሱ ጋ ይቆያል፤ አቅቶት ጥሎ የሄደ ቀን ወደ እርስዎ ይመለሳል፣ ያውም ቤትዎ በግማሽ በቆመበት ሰዓት።

ጥሎ ባይሄድም ኪሳራውን የሚያካክስበት ሌላ በር አለው፤ የማይታየውን መቀነስ። ፕላኑ ባለ 12 ፌሮ በሚልበት ቦታ ባለ 10 ቢገባ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታይም፤ የብረቱ ስፋት ግን በ30 ከመቶ ያህል ቀንሷል። ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ስታፋ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ መታሰር ሲገባው በየ20 ሲታሰርም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ማስገባት ነው፦ ከእርስዎ መሐንዲስ የጽሑፍ ፈቃድ በፊት ምንም ኮንክሪት አይሞላም፤ ከተሞላም አይከፈልም። መሐንዲሱ በየቀኑ መገኘት የለበትም። መሠረቱ፣ ኮለኖቹ፣ ሶሌታው፣ ደረጃውና ጣሪያው ከመሞላታቸው በፊት በየተራ መጥቶ ሜትር ዘርግቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይፈርም። በጉብኝት የሚከፈለው መሐንዲስ ከሁሉም ወጪዎ ትንሹ ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ተቋራጩ ለሥራው ትክክለኛነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ርክክብ ከተደረገ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ይህን የሚያስቀር ወይም የሚያሳጥር ቃልም ዋጋ የለውም። ነገር ግን ዋስትናው የሚጠቅመው ተቋራጩ በእነዚያ 10 ዓመታት ውስጥ ሲፈለግ ከተገኘ ነውና ከመሞላቱ በፊት ማየቱ ይበልጣል።

አሁን ውሉን እንዴት እንደምናስተካክለው እንይ። እኔ የምጀምረው አንዱን ትልቅ አደጋ ሦስት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን መሸከም ለሚችለው ሰው በመስጠት ነው።

መጀመሪያ አፈሩ። አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ጥቁር አፈር የሚበዛበት ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፕላኑ 1.5 ሜትር ቁፋሮ ይላል እንበል፤ ጉድጓዱ ሲከፈት ጥቁሩ አፈር እስከ 2.5 ሜትር ሊወርድ ይችላል። ይህን እርስዎም ተቋራጩም አሁን አታውቁትም። ቁርጥ ዋጋ እንዲሰጥ ካስገደዱት ወይ የፈራውን ሁሉ ዋጋው ላይ ይጨምራል፣ ወይም ጉድጓዱ ተከፍቶ ዝናብ ሲያስገመግም መጥቶ ተጨማሪ ይጠይቅዎታል፤ በዚያን ሰዓት «አይሆንም» የሚሉበት አቅም አይኖርዎትም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የአፈር ምርመራ ያሠሩ። ከመሬት በታች ያለው ሥራ፣ ቁፋሮው፣ ሙሌቱ፣ የመሠረት ኮንክሪቱ፣ በልኬት ይከፈል፦ የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ዛሬ ይቆረጣል፣ ብዛቱ ግን ተለክቶ ይታወቃል። 180 ሜትር ኩብ ታስቦ የነበረው ቁፋሮ 310 ቢሆን፣ ነጠላ ዋጋው 450 ብር ከሆነ፣ ተጨማሪው 130 በ450 ሲባዛ 58,500 ብር ነው፤ ድርድር የለም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ልምድ ያለው ተቋራጭ ብዛቱ እንደሚጨምር የጠረጠረውን ሥራ ነጠላ ዋጋ ከፍ አድርጎ፣ የሌላውን ዝቅ አድርጎ ጠቅላላ ድምሩን ሊያሳምረው ይችላል። የቁፋሮና የሙሌት ዋጋዎቹን መሐንዲስዎ ለብቻ ከገበያው ጋር ያመሳክራቸው።

ሁለተኛው የብክነትና የድካም አደጋ ነው፤ ስንት ፌሮ ተቆርጦ ተጣለ፣ ስንት ሰው ሥራ ፈትቶ ዋለ፣ ስንት ብሎኬት ተሰበረ የሚለው። ይህን የሚቆጣጠረው ተቋራጩ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሬት በላይ ያለው ሥራ ሙሉ በሙሉ በቁርጥ ዋጋ ይሁን። ሆኖም ለእያንዳንዱ ሥራ ነጠላ ዋጋ የያዘውን የሥራ ዝርዝርና መጠን፣ ሰዎቹ ቢኦኪው የሚሉትን፣ በየገጹ ፈርመው ከውሉ ጋር ያያይዙት። የክፍያው ድምር ቁርጥ ሆኖ ሳለ ይህ ወረቀት ምን ያደርጋል ይሉ ይሆናል። ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ የተሠራው የሚተመነው በእሱ ነው፤ እርስዎ ራስዎ «መስኮቱ ይስፋልኝ» ቢሉም የሚታሰበው በእሱ ነው። የዱባዩ ደንበኛዬ ያ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ ዓመት ያለፈው ክርክር በአንድ ቀጠሮ ባለቀ ነበር።

ሦስተኛው የገበያ ዋጋ አደጋ ነው፤ እዚህ ላይ የእርስዎ ሁኔታ ከብዙ አሠሪዎች ይለያል። ተቋራጩ ገቢው ብር ነው። ብር ሲወርድ የፌሮ ዋጋ ይወጣል፣ እሱም ይከስራል። የእርስዎ ገቢ ግን ዶላር ነው። ብር በወረደ ቁጥር ያው 1,000 ዶላር ብዙ ብር ያመጣልዎታል። ከምንዛሪ ጋር የሚሄደውን ንረት እርስዎ ከተቋራጩ ይልቅ በቀላሉ ይችሉታል ማለት ነው። ታዲያ እርስዎ የሚችሉትን አደጋ እንዲሸከምልዎት ለማይችለው ሰው 1,380,000 ብር መክፈል ለምን ያስፈልጋል? «የብረትና የሲሚንቶን ንረት እኔ እወስዳለሁ፤ አንተ ደግሞ ለእሱ ብለህ የጨመርከውን ከ16,500,000ው ቀንስ» ብለው ይደራደሩ።

ሆኖም የሚወስዱት ዋጋውን እንጂ ብዛቱን አይሁን። አንቀጹ በዚህ መልክ ሊጻፍ ይችላል፦

«የፌሮና የሲሚንቶ መነሻ ዋጋ ከዚህ ውል ጋር በተያያዘው የሻጭ ፕሮፎርማ ላይ የተመለከተው ነው። የገበያው ዋጋ ከመነሻው ከ5 ከመቶ በላይ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፣ ከ5 ከመቶ በላይ ያለው ልዩነት በዚያ የክፍያ ወቅት በትክክል በሥራው ላይ በዋለው መጠን ተባዝቶ ለሚገባው ወገን ይታሰባል። ሆኖም የሚታሰበው መጠን በሥራ ዝርዝሩ ላይ ከተጻፈው ሊበልጥ አይችልም። ለሌላ ማናቸውም ዕቃ፣ የሰው ጉልበት ወይም ኪራይ የዋጋ ጭማሪ አይጠየቅም።»

በቁጥር እንየው። የሥራ ዝርዝሩ 12,000 ኪሎ ፌሮ ይላል፣ መነሻ ዋጋውም ለምሳሌ በኪሎ 130 ብር ነው። ለሶሌታው 4,000 ኪሎ በገባበት ወቅት ዋጋው 160 ብር ደረሰ። ልዩነቱ 30 ብር ነው፤ 5 ከመቶው፣ ማለትም 6.50 ብር፣ የተቋራጩ ድርሻ ስለሆነ ይቀራል 23.50። በ4,000 ሲባዛ 94,000 ብር ይከፍላሉ። ተቋራጩ በብክነት 4,600 ኪሎ ገዝቶ ቢሆን እንኳ መሐንዲሱ ለክቶ ካረጋገጠው በላይ ያለው 600 ኪሎ የራሱ ጣጣ ነው። ዋጋው ከወረደም ልዩነቱ ወደ እርስዎ ይመለሳል፤ ተቋራጮች ብዙውን ጊዜ «ቢቀንስ» የምትለውን ቃል ሊያስወጡ ይሞክራሉ፣ አትውጣ ይበሉ።

የቀረው ቅድሚያ ክፍያው ነው፤ በእኔ ዕይታ ከዋጋው ዓይነት የሚበልጠው ይህ ነው። 40 ከመቶ ማለት 6,600,000 ብር ነው። መሠረቱ አልቆ የተሠራው ሥራ 2,200,000 ብር ቢያወጣ፣ ያን ቀን ተቋራጩ ቢጠፋ 4,400,000 ብር እጁ ላይ አለ። እንዲያ ያለ ውል ስሙ ቁርጥ ቢሆንም አደጋው በሙሉ የእርስዎ ነው። ከ20 ከመቶ አያስበልጡ፤ ለዚያም ከባንክ፣ በመጀመሪያ ጥያቄ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚከፈል ዋስትና ያምጣ። የኢንሹራንስ ዋስትና ካመጣ ወረቀቱን በደንብ ያንብቡት፤ «ጥፋቱ ሲረጋገጥ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ካለበት ገንዘቡን ለማግኘት ሌላ ክስ ሊያስፈልግዎ ይችላል። ከዚያ በኋላ ክፍያው ሁልጊዜ ከሥራው ወደ ኋላ ይሁን፦ ደረጃው ያልቃል፣ መሐንዲሱ ለክቶ ይፈርማል፣ ቅድሚያ ክፍያው በተመጣጣኝ እየተቀነሰ፣ ሪቴንሽን የሚባለው መያዣ 5 ከመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል። ተቋራጩ ጥሎ ቢሄድ የሚያጣው ነገር ሁልጊዜ እርስዎ ጋ መኖር አለበት።

የመጀመሪያው ተቋራጭ በዚህ ሁሉ አልስማማም ቢልና ከሁለተኛው ጋር ለመሥራት ቢገደዱስ? ያኔ መቶኛውን ወደ ቁርጥ የድካም ዋጋ ይለውጡት። ወጪው 13,500,000ም ሆነ 17,550,000 ክፍያው 1,620,000 ብር ብቻ ይሁን፤ ቢያንስ በወጪው ማደግ አይጠቀምም። በላዩ ላይ ጣሪያ ያብጁለት፦ ወጪው ለምሳሌ ከ15,000,000 ካለፈ፣ እርስዎ በጽሑፍ ካዘዙት ለውጥ በቀር ትርፉን ተቋራጩ ይሸከማል። ጣሪያ የሌለው ወጪ የሚተካ ውል፣ የቼክ ደብተርዎን ባዶውን ፈርመው እንደመስጠት ነው። «ወጪ» የሚለውን ቃልም ከላይ ባነሳኋቸው ነጥቦች ይተርጉሙት፤ ማንኛውም ከ50,000 ብር በላይ የሆነ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ቀርቦ አስቀድሞ እንዲጸድቅ ያድርጉ። ይህ ሁሉ ሆኖም የቁጥጥሩ ሸክም እርስዎ ላይ ስለሚቀር፣ ይህን መንገድ ከያዙ መሐንዲሱ በጉብኝት ሳይሆን በቋሚነት መቀጠር ይኖርበታል፤ የእሱን ደመወዝ ሲደምሩበት ርካሽ የመሰለው ውል ርካሽ አይሆንም።

ስለ ወንድምዎ አንድ ቃል። በቆንስላ በኩል ውክልና ሲልኩለት «ስለ ግንባታው ማናቸውንም ጉዳይ እንዲፈጽም» የሚል ሰፊ ቃል አይጻፉ። ተቋራጩ አንድ ቀን ጠዋት «ደረጃው ቢቀየር ያምራል፣ ትንሽ ነው የሚጨምረው» ሲለው፣ ወንድምዎ «ይሁን» ካለ እርስዎን ወክሎ የሥራ ለውጥ አዘዘ ማለት ነው፤ በቁርጥ ዋጋ ውል ላይ ደግሞ ተቋራጭ ኪሳራውን የሚያስመልስበት ዋናው መንገድ የሥራ ለውጥ ነው። ውክልናውም ውሉም አንድ ዓይነት ይበሉ፦ ወንድምዎ ሥራውን ያያል፣ ሪፖርት ይቀበላል፣ ፎቶ ይልካል፤ ዋጋ የሚጨምር ለውጥ ግን እርስዎ ራስዎ በኢሜይል ካልፈቀዱና መሐንዲሱ በሥራ ዝርዝሩ ነጠላ ዋጋ ካልተመነው አይከፈልም። ረቂቁ ሲዘጋጅ ከመፈረምዎ በፊት ከፕላኑና ከአፈር ምርመራው ውጤት ጋር ለጠበቃዎ ያሳዩት፤ የሥራ ዝርዝሩ ላይ ያለው የፌሮ ብዛት ከፕላኑ ጋር መስማማቱን መሐንዲሱ ቆጥሮ ካላረጋገጠ ከላይ ያለው የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አይሠራም።